የጎደለ ደመወዝ እንዲታረም ለአሠሪ የሚጻፍ ደብዳቤ፦ ስሌቱ ከደመወዝ መግለጫው ቁጥሮች እንዴት ይወጣል?

«ደመወዜ በትክክል ስላልተከፈለኝ ታይቶ እንዲስተካከልልኝ እጠይቃለሁ» ብሎ ጀምሮ በዚያው የሚያበቃ ደብዳቤ ለደመወዝ ክፍል ሥራን እንጂ መረጃን አይሰጥም። ደብዳቤው የሚደርሰው የሒሳብ ሠራተኛ የትኛው ወር፣ የትኛው መስመር፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደጎደለ ራሱ መፈለግ ይኖርበታል፤ የወሩ ክፍያ እየደረሰበት ከሆነ ደግሞ ደብዳቤው ወደ ጎን ይቀመጣል። ወሩን፣ መስመሩንና ልዩነቱን አስልቶ የሚያቀርብ ደብዳቤ ግን ከፋይሉ ጋር ማስተያየትን ብቻ ስለሚጠይቅ ቶሎ መልስ ያገኛል። በተለይ የሠራተኛው ስሌት የቆመው አሠሪው ራሱ ባተማቸው ቁጥሮች ላይ ከሆነ ክርክሩ ከአሠሪው ጋር መሆኑ ቀርቶ አሠሪው በአንዱ ወር ከሠራውና በሌላው ወር ከሠራው ሒሳብ መካከል ይሆናል።

ይህ ማብራሪያ አንድ የታወቀ የስህተት ዓይነት ይዞ ይሄዳል፤ እርሱም ደመወዝ ከጨመረ በኋላ የሚፈጠረው ነው። ጭማሪው ሲጸድቅ የሰው ሀብት ክፍል መሠረታዊ ደመወዙን በሥርዓቱ ውስጥ ይለውጣል። ነገር ግን በብዙ የደመወዝ ሥርዓቶች ውስጥ የትርፍ ሰዓት የሚሰላበት የአንድ ሰዓት ተመን በሌላ ቦታ ለብቻው የተመዘገበ ስለሆነ አንዱ ሲለወጥ ሌላው እንዳለ ይቀራል። ሠራተኛው አዲሱን መሠረታዊ ደመወዝ በመግለጫው ላይ ሲያይ ሁሉም የተስተካከለ ይመስለዋል፤ የትርፍ ሰዓቱ መጠን በየወሩ ስለሚለያይ ደግሞ መጉደሉ በዓይን አይታይም። ስህተቱ ለወራት ሊቀጥል የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አንዲት ሠራተኛን እንውሰድ። መሠረታዊ ደመወዟ በወር 12,480 ነበር። በጽሑፍ በደረሳት የጭማሪ ደብዳቤ መሠረት ከአንድ ወር የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ 14,560 ሆኗል። ጭማሪው መከፈል የጀመረበት የደመወዝ መግለጫ ግን የደረሳት አንድ ወር ዘግይቶ ነው። ጭማሪው ሊጀምር ይገባው የነበረውን ወር «አንደኛው ወር»፣ ቀጥለው ያሉትን «ሁለተኛው» እና «ሦስተኛው ወር» እንበላቸው፤ ከጭማሪው በፊት የነበረውን የመጨረሻ ወር ደግሞ «መነሻ ወር» እንበለው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ስለሆኑ በየትኛውም ገንዘብ ሊነበቡ ይችላሉ።

ማንኛውም ስሌት ከመጀመሩ በፊት አንድ አጭር ማጣራት ያስፈልጋል፤ በመግለጫው ላይ «የተጣራ ክፍያ» ተብሎ የተጻፈው ገንዘብ ባንክ ከገባው ጋር እኩል መሆኑን ማየት። እኩል ካልሆነ ችግሩ ከስሌት ሳይሆን ከዝውውር ስለሆነ ደብዳቤውም ሌላ ይሆናል። የእኛ ሠራተኛ ይህን አይታ ቁጥሮቹ መግጠማቸውን አረጋግጣለች።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ የጎደለውን መፈለግ ይመስላል፤ ነገር ግን መቅደም ያለበት ትክክል የነበረውን ወር ማግኘት ነው። ትክክል የነበረው ወር አሠሪው ትርፍ ሰዓትን የሚያሰላበትን ቀመር በውስጡ ይዟል፤ ሠራተኛዋ ቀመሩን ከዚያ ማውጣት ትችላለች። የመነሻው ወር መግለጫ እንዲህ ይነበባል፦ መሠረታዊ ደመወዝ 12,480፤ የትርፍ ሰዓት 20 ሰዓት፣ ክፍያው 1,800፤ የትራንስፖርት አበል 1,000፤ ጠቅላላ ክፍያ 15,280። ከዚህ ላይ የጡረታ መዋጮ 624 እና የገቢ ግብር 1,956 ተቀንሶ የተጣራ ክፍያው 12,700 ነው። በመግለጫው ግርጌ «ግብር የሚከፈልበት ገቢ» በሚል 14,280 ተጽፏል፤ ይህም መሠረታዊ ደመወዙና የትርፍ ሰዓቱ ሲደመሩ የሚገኘው ቁጥር ስለሆነ በዚህ መሥሪያ ቤት የትራንስፖርት አበሉ ግብር እንደማይቀነስበት፣ የጡረታ መዋጮውም ከግብር በፊት እንደማይነሳ ያሳያል።

አሁን የትርፍ ሰዓቱን መስመር እንፍታው። 1,800 ለ20 ሲካፈል 90 ይመጣል፤ ለአንድ የትርፍ ሰዓት የተከፈለው ይህ ነው። በሥራ ውሏ ላይ የመደበኛ ቀን ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል እንደሚባዛ ስለተጻፈ 90 ለ1.5 ሲካፈል 60 ይሆናል፤ ይህ የመደበኛው ሰዓት ክፍያ ነው። በመጨረሻም 12,480 ለ60 ሲካፈል 208 ይገኛል። አሠሪው የወሩን ደመወዝ ወደ ሰዓት የሚለውጠው ለ208 በማካፈል ነው ማለት ነው፤ በወር 26 የሥራ ቀን፣ በቀን ደግሞ 8 ሰዓት ተብሎ የተያዘ ነው።

ይህ አካፋይ ቁጥር ለጠቅላላው ሒሳብ መሠረት ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። አካፋዩ ከአሠሪ አሠሪ ይለያያል። አንዱ በ26 ቀን፣ ሌላው በ30 ቀን፣ ሌላው በዓመቱ የሥራ ሰዓት አስልቶ ለ12 ወር ያካፍላል። ሠራተኛው በራሱ ግምት «በወር 22 ቀን ነው የምሠራው» ብሎ ለ176 ቢያካፍል የሰዓቱ ክፍያ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ የደመወዝ ክፍሉም «አካፋዩ ስህተት ነው» ብሎ ደብዳቤውን በአንድ መስመር ይመልሰዋል፤ በውስጡ ያለው እውነተኛ ጥያቄም አብሮ ይመለሳል። አሠሪው በመነሻው ወር የተጠቀመበትን 208 ይዞ የሚቀርብ ሠራተኛ ግን አሠሪውን የሚጠይቀው ትናንት የሠራበትን ቀመር ዛሬም እንዲሠራበት ብቻ ነው። አካፋዩ ራሱ ከሕጉ ወይም ከውሉ ጋር አይስማማም የሚል ቅሬታ ካለ ያ ራሱን የቻለ ጥያቄ ስለሆነ በሌላ ደብዳቤ ቢቀርብ ይሻላል፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ቀላሉ ከባዱን ሲጠብቅ ይቆያል።

አንድ ወር ብቻውን ማስረጃ ላይሆን ይችላል፤ ከዚያ በፊት የነበረውን አንድ ወር በተመሳሳይ መንገድ ፈትቶ 208 መልሶ መምጣቱን ማየት ጥሩ ነው። ስንጥር ቁጥር ከመጣ፣ ለምሳሌ 207.6 ወይም 208.3፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሰዓቱ ተመን ወደ ሙሉ ቁጥር መጠጋጋቱ ነው። ፈጽሞ የራቀ ቁጥር ከመጣ ግን በዚያ ወር የሌሊት ወይም የበዓል ሰዓት በሌላ ማባዣ ተሰልቶ ከመደበኛው ጋር በአንድ መስመር ተደምሮ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ወር ለመነሻነት አይሆንም።

ቀመሩ ከተገኘ በኋላ አዲሱን ተመን ማውጣት ቀላል ነው። 14,560 ለ208 ሲካፈል 70፣ በ1.5 ሲባዛ ደግሞ 105 ይሆናል። ከጭማሪው በኋላ ለእያንዳንዱ የትርፍ ሰዓት መከፈል ያለበት 105 ነው ማለት ነው።

አሁን ወራቱን በየተራ እንያቸው። በአንደኛው ወር መግለጫ ላይ መሠረታዊ ደመወዙ ገና 12,480 ነው፤ የትርፍ ሰዓቱ 10 ሰዓት፣ ክፍያው 900 ነው። በጭማሪው ደብዳቤ መሠረት ግን መሠረታዊው 14,560፣ የ10 ሰዓቱ ክፍያ ደግሞ 1,050 መሆን ነበረበት። ስለዚህ ከመሠረታዊው 2,080፣ ከትርፍ ሰዓቱ 150፣ በድምሩ 2,230 ጎድሏል።

በሁለተኛው ወር መሠረታዊው 14,560 ሆኖ ተስተካክሏል። የትርፍ ሰዓቱ መስመር ግን 24 ሰዓት፣ 2,160 ይላል። 2,160 ለ24 ሲካፈል መልሶ 90 ይመጣል፤ ይህ ደግሞ የድሮው ተመን ነው። በአዲሱ ተመን 24 ሰዓት በ105 ሲባዛ 2,520 ስለሆነ 360 ጎድሏል። ስህተቱ በአንድ እርምጃ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ደመወዝ የተጨመረለት ሰው የትርፍ ሰዓቱን ክፍያ ለሰዓቱ ብዛት አካፍሎ ከጭማሪው በፊት ከነበረው ጋር ቢያስተያይ እኩል ከመጣ ተመኑ አልተነካም።

ሦስተኛው ወር ትንሽ ይለያል። መግለጫው 16 ሰዓት፣ 1,440 ይላል፤ ለ16 ሲካፈል አሁንም 90 ነው። ሠራተኛዋ ግን በአለቃዋ የተፈረመውን የትርፍ ሰዓት መቆጣጠሪያ ቅጽ ስታይ በዚያ ወር የተፈቀደላትና የሠራችው 14 ሰዓት ብቻ ሆኖ አገኘችው። ተመኑ ዝቅ ብሏል፣ ሰዓቱ ደግሞ በሁለት በዝቷል ማለት ነው። ትክክለኛው ክፍያ 14 በ105፣ ማለትም 1,470 ስለሆነ የሚቀራት 30 ብቻ ነው። በመግለጫው 16 ሰዓት ላይ ብትቆም ኖሮ 240 ትጠይቅ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «እነርሱ ያላዩትን እኔ ለምን አሳያለሁ?» ይላል። በእኔ አስተያየት የሁለቱን ሰዓት ብልጫ በደብዳቤው ላይ በግልጽ መጻፍ የትክክለኛነት ብቻ ሳይሆን የብልህነትም ጉዳይ ነው። የደመወዝ ክፍሉ ጥያቄውን ለማጣራት የሰዓት ቅጹን ማውጣቱ አይቀርም፤ ሁለቱን ሰዓት ራሱ ካገኘ የቀሩትን ወራት ሁሉ በጥርጣሬ እንደገና ይመረምራል። ሠራተኛዋ ቀድማ ከጻፈችው ግን ሌሎቹ ቁጥሮቿም በዚያው ዓይን ይታያሉ።

እንግዲህ ከተቀናሽ በፊት የጎደለው 2,230፣ 360 እና 30 ሲደመር 2,620 ነው። በደብዳቤው ላይ የሚጠየቀው ገንዘብ ይህ ጠቅላላ ነው። ወደ ባንክ የሚገባው ግን ይህ አይደለም፤ ጡረታና ግብር ይነሳበታል። ብዙ ሰው 2,620 ጠይቆ ከዚያ ያነሰ ሲገባለት እንደገና ተበደልኩ ብሎ ይጽፋል፤ ስለዚህ የተጣራውንም አስቀድሞ መገመት ይጠቅማል። ለዚህም የአገሩን የግብር ሰንጠረዥ በቃል ማወቅ አያስፈልግም፤ መግለጫዎቹ ራሳቸው ይነግሩናል።

ጡረታው ቀላል ነው። በመነሻው ወር 624 ለ12,480 ሲካፈል 5 በመቶ ነው፤ በሁለተኛው ወር የተቀነሰው 728ም ለ14,560 ሲካፈል እንዲሁ 5 በመቶ ነው። መዋጮው የሚሰላው በመሠረታዊው ላይ ብቻ ስለሆነ ከጎደለው ገንዘብ ውስጥ የሚነካው የአንደኛው ወር 2,080 ብቻ ነው፤ 5 በመቶው 104 ይሆናል።

ለግብሩ ደግሞ ሁለት መግለጫዎችን ማቀናነስ ይበቃል። ግብር የሚከፈልበት ገቢዋ በመነሻው ወር 14,280፣ ግብሩ 1,956 ነበር። በሁለተኛው ወር ገቢው 16,720፣ ግብሩ 2,444 ነው። ገቢው በ2,440 ሲጨምር ግብሩ በ488 ጨምሯል፤ 488 ለ2,440 ሲካፈል 20 በመቶ ይመጣል። በዚህ የገቢ ክልል ውስጥ በተጨማሪ ገንዘብ ላይ የሚነሳው ግብር 20 በመቶ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ፤ ግብሩን በጠቅላላ ገቢው ማካፈል። 1,956 ለ14,280 ሲካፈል 13.7 በመቶ ያህል ይመጣል፤ ይህ ግን የአማካይ ድርሻ ነው። የዝቅተኛው ገቢ ክፍል በዝቅተኛ መጣኔ ወይም ያለ ግብር ስለሚያልፍ አማካዩ ሁልጊዜ በላይኛው ገንዘብ ላይ ከሚነሳው ያንሳል። የተጨመረ ገንዘብ የሚቀመጠው ከላይ ስለሆነ የሚመለከተው 20 በመቶው ነው።

የዚህ ዘዴ ወሰንም መታወቅ አለበት። 20 በመቶው የተረጋገጠው በ14,280 እና በ16,720 መካከል ላለው ገቢ ነው። የሦስተኛው ወር ገቢ ከ16,000 ወደ 16,030 ስለሚሄድ በመካከል ይወድቃል። የአንደኛው ወር ገቢ ግን ከ13,380 ወደ 15,610 ስለሚሄድ የታችኛው 900 ከታየው ክልል በታች ይቀራል። የሁለተኛው ወር ትክክለኛ ገቢ ደግሞ 17,080 ስለሆነ ከታየው ክልል በ360 ያልፋል፤ በእነዚህ ቁራጮች መሐል የግብር እርከን የሚለወጥ ከሆነ የተወሰነው በሌላ መጣኔ ይታሰባል። የግብር ሰንጠረዡን ማየት የሚያስፈልገው ለእነዚህ ሁለት ቁራጮች ብቻ ነው፤ እርከኑ አይለወጥም ብለን እንቀጥል።

የተጣራው እንግዲህ ይህን ይመስላል። በአንደኛው ወር ከ2,230 ላይ ጡረታ 104 እና ግብር 446 ሲነሳ 1,680 ይቀራል። በሁለተኛው ወር ከ360 ላይ 72 ሲነሳ 288፣ በሦስተኛው ከ30 ላይ 6 ሲነሳ 24 ይቀራል። ድምሩ 1,992 ነው። ሲያረጋግጡትም 2,620 ሲቀነስ ጡረታ 104፣ ሲቀነስ ግብር 524፣ መልሶ 1,992 ይሆናል።

ውዝፉ በአንድ ወር ተጠቃሎ ሲከፈል የሚነሳ ሌላ ጉዳይ አለ። 2,620 በሚከፈልበት ወር ገቢ ላይ በሙሉ ከተደመረ የዚያ ወር ገቢ ወደ ላይኛው እርከን ሊገባና ግብሩ ከ524 ሊበልጥ ይችላል። በአንዳንድ አገር ግብር የሚታሰበው ገንዘቡ በተገኘበት ወር፣ በሌላው በተከፈለበት ወር ነው፤ በዓመት ተጠቃሎ የሚታሰብበትም አለ። ሠራተኛዋ ይህን ለመወሰን መሞከር አይጠበቅባትም። በደብዳቤዋ «ሕጉ የሚፈቅድ ከሆነ ግብሩ በየወሩ ገቢ ላይ እንዲሰላልኝ» ብላ መጠየቅ ግን ትችላለች፤ ለጥያቄው መልስ መስጠት የደመወዝ ክፍሉ ሥራ ነው።

ቁጥሮቹ ከተያዙ ደብዳቤው ራሱ ከአንድ ገጽ ማለፍ የለበትም። የሚከተለው ከላይ በወጣው ስሌት የተሞላ ነው፤ በነጠብጣብ የተተዉት የሚሞሉት ከሰነዱ ላይ ነው።

ቀን፦ ……

ለ፦ ሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል

ጉዳዩ፦ የመሠረታዊ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ልዩነት ታስቦ እንዲከፈለኝ ስለመጠየቅ

በቁጥር …… በቀን …… በተጻፈልኝ የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤ መሠረት መሠረታዊ ደመወዜ ከ…… ወር የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ከ12,480 ወደ 14,560 ከፍ እንዲል መወሰኑ ይታወሳል። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ የደረሱኝን የሦስት ወራት የደመወዝ መግለጫዎች ስመለከት በአንደኛው ወር ጭማሪው ያልተከፈለኝ መሆኑን፣ በሦስቱም ወራት ደግሞ የትርፍ ሰዓት ክፍያዬ ከጭማሪው በፊት በነበረው ተመን፣ ማለትም በሰዓት በ90 የተሰላ መሆኑን ተረድቻለሁ።

ከጭማሪው በፊት በነበረው ወር መግለጫ ላይ የ20 ሰዓት ክፍያ 1,800 ስለሆነ የአንድ ትርፍ ሰዓት ክፍያ 90፣ የመደበኛው ሰዓት 60 ነበር፤ ይህም 12,480 ለ208 ሰዓት ሲካፈል የሚገኝ ነው። በዚሁ አሠራር 14,560 ለ208 ሲካፈል 70፣ በ1.5 ሲባዛ 105 ይሆናል። ልዩነቱ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ ወር፦ መሠረታዊ ደመወዝ 12,480 ተከፍሎኛል፣ 14,560 ይገባኝ ነበር፣ ልዩነት 2,080፤ ትርፍ ሰዓት 10 ሰዓት፣ 900 ተከፍሎኛል፣ 1,050 ይገባኝ ነበር፣ ልዩነት 150።

ሁለተኛ ወር፦ ትርፍ ሰዓት 24 ሰዓት፣ 2,160 ተከፍሎኛል፣ 2,520 ይገባኝ ነበር፣ ልዩነት 360።

ሦስተኛ ወር፦ በመግለጫው 16 ሰዓት ተብሎ 1,440 ተከፍሎኛል። በተፈረመው የሰዓት መቆጣጠሪያ ቅጽ ላይ ግን የሠራሁት 14 ሰዓት ስለሆነ የሚገባኝ 1,470፣ ልዩነቱም 30 ነው።

ከተቀናሽ በፊት ጠቅላላ ልዩነት፦ 2,620።

ስለዚህ ከላይ የተገለጸው ልዩነት ተጣርቶ ከሚቀጥለው ወር ደመወዜ ጋር በራሱ መስመር ተጽፎ እንዲከፈለኝ፣ በሥርዓቱ የተመዘገበው የትርፍ ሰዓት ተመን ወደ 105 እንዲስተካከል፣ በአንደኛው ወር የ2,080 ልዩነት ላይ የሚታሰበው የእኔም የመሥሪያ ቤቱም የጡረታ መዋጮ ገቢ እንዲደረግልኝ፣ ሕጉ የሚፈቅድ ከሆነም ግብሩ በየወሩ ገቢ ላይ እንዲሰላልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በስሌቴ ላይ የማይስማማ ነገር ካለ የተለየው ቁጥር እስከ …… ቀን ድረስ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና ፊርማ፦ ……

አባሪ፦ የጭማሪው ደብዳቤ፣ የአራት ወራት የደመወዝ መግለጫዎች፣ የሦስት ወራት የሰዓት መቆጣጠሪያ ቅጾች ቅጂ

ግልባጭ፦ ለቅርብ ኃላፊዬ

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የሌለውም ነገር ልብ ሊባል ይገባል። «ግፍ ተፈጽሞብኛል»፣ «በተደጋጋሚ በቃል ጠይቄ ሰሚ አጣሁ» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች የሉም። በቃል መጠየቋ እውነት ቢሆን እንኳ ቀኑና የተጠየቀው ሰው ካልተጻፈ ማስረጃ አይሆንም፤ ከተጻፈ ደግሞ የተጠየቀውን ሰው መከላከያ ውስጥ ያስገባዋል። ጉዳዩ ወደ ክስ ከደረሰ ይጻፋል፤ ለመጀመሪያው ደብዳቤ ግን ቁጥሩ ይበቃዋል። የተጣራው 1,992ም ሆነ ተብሎ ተትቷል፤ ግብሩን የሚያሰላው አሠሪው ስለሆነ ሠራተኛዋ የገመተችው በጥቂት ቢለይ የማያስፈልግ ክርክር ይከፍታል። እርሷ ቁጥሩን ለራሷ ይዛ ትጠብቃለች።

ደብዳቤው ሲገባ በሁለተኛው ቅጂ ላይ የመዝገብ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ማስደረግ ያስፈልጋል፤ በኢሜይል ከተላከም ከግል አድራሻ ጋር አብሮ መላክ ጥሩ ነው፤ ሥራ የለቀቀ ሰው የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል መክፈት አይችልምና። በብዙ አገሮች የደመወዝ ጥያቄ በይርጋ የሚታገድበት ጊዜ በሕግ የተወሰነ ስለሆነ ደብዳቤው መቼ እንደገባ የሚያሳየው ማኅተም በኋላ ሊጠየቅ ይችላል። ይሁን እንጂ ለአሠሪ ደብዳቤ መጻፍ ብቻውን የይርጋውን ጊዜ ማቋረጥ አለማቋረጡ እንደየሕጉ ስለሚለያይ መልስ እየጠበቁ ወራትን ማሳለፍ ተገቢ አይደለም።

ከደመወዝ ክፍሉ ሊመጣ የሚችለው ጠንካራ መልስ አንድ ነው፦ «ጭማሪው የሚጸናው ከጸደቀበት ቀን እንጂ ከወሩ መጀመሪያ አይደለም።» ይህ መልስ የሚነካው የአንደኛውን ወር ብቻ ነው፤ የሚፈታውም የጭማሪው ደብዳቤ ላይ «ከ…… ቀን ጀምሮ» የሚለውን በማንበብ ነው። ደብዳቤው የጸናበትን ቀን ካልጠቀሰና ጭማሪው በወሩ አጋማሽ የጸደቀ ከሆነ የአንደኛው ወር መሠረታዊ ደመወዝ ለሁለት ተከፍሎ መሰላት ይኖርበታል፤ በድሮው ደመወዝ የተሠሩት ቀናት በድሮው፣ የቀሩት በአዲሱ። በዚህ ጊዜም አካፋዩ ያው 26 ነው። ለምሳሌ 10 የሥራ ቀን በድሮው፣ 16ቱ በአዲሱ ቢሆን የቀን ልዩነቱ 2,080 ለ26 ሲካፈል 80 ስለሆነ በ16 ቀን 1,280 ይጎድላል፤ የትርፍ ሰዓቱም እያንዳንዱ ሰዓት በየትኛው ቀን እንደተሠራ ከቅጹ ታይቶ በ90 ወይም በ105 ይታሰባል። የሁለተኛውና የሦስተኛው ወር ልዩነት ግን በዚህ ክርክር አይነካም፤ በእነዚያ ወራት አሠሪው ራሱ 14,560 ከፍሏልና። ስለዚህ ሠራተኛዋ በአንደኛው ወር ላይ ክርክር ቢነሳ እንኳ የቀረው 390 ሳይዘገይ እንዲከፈላት ለይታ መጠየቅ ትችላለች።

ማስተካከያው ሲመጣ በሚቀጥለው መግለጫ ላይ ሁለት ነገር ይታያል። የመጀመሪያው «ውዝፍ» ወይም «ልዩነት» የሚል መስመር 2,620 ይዞ መገኘቱ፣ በተቀናሽ በኩል ደግሞ ጡረታው ከተለመደው 728 በ104 ከፍ ብሎ 832 መሆኑ ነው። 1,992 ብቻ ያለ ምንም ዝርዝር ተጨምሮ ከመጣ ገንዘቡ ቢደርስም የጡረታው መዝገብ ላይ የአንደኛው ወር ደመወዝ 12,480 ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ይህም በጡረታ ጊዜ አማካይ ደመወዝ ሲሰላ ይቆጠራል። ሁለተኛው የዚያው ወር የትርፍ ሰዓት መስመር ነው፤ ክፍያው ለሰዓቱ ብዛት ሲካፈል 105 ካልመጣና አሁንም 90 ከሆነ ውዝፉ ተከፍሏል፣ ተመኑ ግን በሥርዓቱ ውስጥ አልተነካም፤ በዚያው ቀን ሁለት መስመር ያለው ማስታወሻ ከዚያው ደብዳቤ ቁጥር ጋር ተያይዞ መላክ አለበት።